በሞክሼ ዕዳ የታገደ የባንክ ሒሳብ፦ ከውጭ ሆኖ እግዱን ማስነሳት

እኛ አገር ሰው የሚለየው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። የቤተሰብ መጠሪያ የለንም። በሦስቱም ስም የሚገጥም ሞክሼ ማግኘት ደግሞ ብርቅ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ማንንም አይጎዳም። ጣጣው የሚመጣው ሞክሼያችሁ ተበድሮ ሳይከፍል ሲቀር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፍርድ ቤት ነው። አበዳሪው ይከስሳል፣ ይፈረድለታል። ባለዕዳው አልከፍል ካለ ወይም ከጠፋ፣ አበዳሪው የፍርድ ባለመብት ሆኖ ፍርዱን የሚያስፈጽምበት የአፈጻጸም መዝገብ ይከፍታል። ፍርድ ቤቱም በባለዕዳው ስም ገንዘብ ካለ ታግዶ እንዲቆይና መጠኑ እንዲገለጽለት ለባንኮች ይጽፋል። አንዳንዴ ደብዳቤው ላይ ያለው ስም ብቻ ነው። ባንኩ ስሙን ሲስተሙ ላይ ይፈልጋል፤ ያገኘውን ያግዳል። በባንኩ ብዙ አትፍረዱ። እግድ እያለ ገንዘቡ ቢወጣ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ስለዚህ ሲጠራጠር ማገድ ይቀለዋል።

የማውቃት አንዲት ሴት የደረሰባትን ልንገራችሁ። ኑሮዋ ሽቱትጋርት ነው። ለቤት ክፍያ ያጠራቀመችው ገንዘብ ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለ አንድ ቅርንጫፍ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ በውክልና ሊያወጣ ሄደ። ገንዘብ ከፋይዋ ስክሪኑን አየት አድርጋ "ሒሳቡ ታግዷል፣ ማናጀሩን ያነጋግሩ" አለችው። ማናጀሩም የሚያውቀው ብዙ አልነበረም። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ እግድ ነው አለ፣ በቃ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስልክ ይዞ ይጮሃል። "እኔ በሕይወቴ ተበድሬ አላውቅም!" ማለት ግን ለቅርንጫፉ ምንም አይጠቅመውም። እግዱን የጣለው እሱ አይደለም፤ ማንሳትም አይችልም። ከባንኩ የሚፈለገው አራት ነገር ነው፦ ያዘዘው ፍርድ ቤትና ምድብ ችሎት፣ የመዝገቡ ቁጥር፣ የደብዳቤው ቁጥርና የተጻፈበት ቀን። ይህን በጽሑፍ ጠይቁ። ማመልከቻው ለቅርንጫፉ ይግባ፣ ግልባጩ ለባንኩ የሕግ ክፍል። ገቢ የተደረገበት ማኅተምና ቀን ያለበት ኮፒ እጃችሁ ይቅር።

ባንኩ ምክንያቱን ጨርሶ አልናገርም ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ይችላል። በሕገ ወጥ ገንዘብ ጥርጣሬ ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ሪፖርት የተደረገን ነገር ባንክ ለደንበኛው እንዲያሳውቅ ሕጉ አይፈቅድለትም። እንዲህ ከሆነ ከማናጀሩ ጋር መጨቃጨቁን ትታችሁ ቀጥታ ጠበቃ ያዙ። ከዚህ በታች ያለው ለፍርድ ቤት እግድ ነው።

የልጅቷ ወንድም የመዝገብ ቁጥሩን ይዞ ልደታ ፍርድ ቤት ሄደ። ከመዝገቡ የሚፈለገው ፍርዱ ብቻ አይደለም። ክሱንና ከክሱ ጋር የተያያዘውን የብድር ውል ማየት ያስፈልጋል። የተከሳሹ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር ክሱ ላይ አለ። ከውሉ ጀርባ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተበዳሪው መታወቂያ ኮፒ ይገኛል። እዚህም ተገኘ። ፎቶው የሌላ ሴት ነው። የልደት ዘመኑ አይገናኝም። ውሉ የተፈረመው ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው።

ቀኑን ወዲያው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሩት። ኅዳር 10 ቀን 2012 ማለት ኖቬምበር 20 ቀን 2019 ነው። በዚያ ቀን እሷ ጀርመን ነበረች፤ ፓስፖርቷ ላይ ያሉት የመግቢያና የመውጫ ማኅተሞች ይህን ያሳያሉ። ማኅተም የሚያስረዳው ግን ፓስፖርቱ ሙሉ ሲሆን ነው። የሚመቻችሁን ሁለት ገጽ ብቻ ኮፒ አድርጋችሁ ካቀረባችሁ፣ ሌላው ወገን "የቀሩት ገጾች የት አሉ?" ይላል፤ ልክም ነው። ዜግነት የቀየራችሁ ደግሞ የድሮውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት እንዳትጥሉ። ሙሉ ስማችሁን እስከ አያት ይዞ፣ የዚያን ዘመን ጉዟችሁን የሚያሳየው እሱ ሊሆን ይችላል።

የዘመን አቆጣጠሩ በተቃራኒውም ያሳስታል። እናንተ በአውሮፓ ሰነድ በ1985 ተወለዳችሁ እንበል። ባለዕዳዋ ቀበሌ መታወቂያ ላይም 1985 ይላል። ለችኩል ዓይን አንድ ሰው ናችሁ። የሷ ግን የኢትዮጵያ 1985 ነው፤ በፈረንጅ 1992 ወይም 1993። በመካከላችሁ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ማመልከቻችሁ ላይ ሁሉንም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ።

አሁን ወደ ውክልናው። ብዙዎቻችን "ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼዋለሁ፣ ሁሉን ያደርጋል" ብለን እንተኛለን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም። በፍርድ ቤት ለመክሰስ፣ ለመከራከርና ለመታረቅ በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰነዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ በፍርድ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ የእግድ መቃወሚያ እንዲያስገባ፣ ጠበቃ እንዲወክል፣ ከባንክ ሰነድ እንዲጠይቅና እንዲቀበል። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ። አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፣ ቀጥሎ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ይህ ሳይሟላ መዝገብ ቤት አይቀበለውም።

ተወካዩ ማን ይሁን? ገንዘብ ለማውጣት ጓደኛም ይሆናል። ችሎት ቆሞ ለመከራከር ግን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 58 የሚፈቅደው ከጠበቃ ሌላ እንደ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ ልጅና አባት ላሉ የቅርብ ቤተሰብ ነው። የልብ ጓደኛችሁ ሰነዱን ሁሉ አሟልቶ ቀርቦ በሩ ላይ የሚመለሰው በዚህ ነው። ልጅቷ ወንድም ስለነበራት ዳነች።

አቤቱታው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 418 ነው የሚቀርበው፤ በሌላ ሰው ዕዳ ንብረቱ የተያዘበት ሰው የሚቃወምበት መንገድ ይሄ ነው። የሚገባው እግዱን ላዘዘው የአፈጻጸም ችሎት ነው። አዲስ ክስ ሌላ ቦታ መክፈት አያስፈልግም። ልደታ ዙሪያ ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች በፍጥነት ይጽፉላችኋል። ግን "ባለዕዳዋ እኔ አይደለሁም፣ ፍትሕ ይሰጠኝ" የሚል የለቅሶ ወረቀት እንዳይሆን ተከታተሉ። የወንድሟ ማመልከቻ አጭር ነበር። በአንድ በኩል መዝገቡ ውስጥ ያለችውን ሴት ልዩ ምልክቶች አስቀመጠ፦ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። በሌላ በኩል የእህቱን። ከሥር ቃለ መሐላ፣ የፓስፖርቱ ሙሉ ኮፒ፣ የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድና ሒሳቡ ሲከፈት የተሞላው ቅጽ። የጀርመንኛው ሰነድ በአማርኛ ተተርጉሟል፤ ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በአማርኛ ነው። የእናት ስም ያለበት ሰነድ ካላችሁም ጨምሩ። እስከ አያት የሚገጥም ሞክሼ በእናት ስምም መግጠሙ ዘበት ነው።

በጣም ጠንካራው መለያ ግን አካል ነው። የግብር ከፋይ ቁጥር ሲሰጥ የቆየው በአሻራ ነው። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳም በአሻራ፣ በዓይንና በፊት ነው የሚመዘግበው። ፋይዳ ማውጣት የምትችሉ ከሆነ አገር ቤት ስትመጡ አውጡና ከባንክ ሒሳባችሁ ጋር አገናኙት። ከዚያ በኋላ ሒሳባችሁ የሚለየው በስም ብቻ አይሆንም።

ጊዜም አስቡበት። ዳያስፖራው የሚመጣው ክረምት ላይ ነው፤ ፍርድ ቤቶች የሚዘጉትም ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። በዚያ ወቅት ተረኛ ችሎት የሚያየው አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ነው። ስለዚህ አቤቱታው ከሐምሌ በፊት ይግባ፣ ካልሆነም ለጥቅምት አቅዱ። ለአንድ ወር እረፍት መጥቼ እጨርሰዋለሁ ማለት አያዋጣም።

ችሎቱ የፍርድ ባለመብቱን ጠርቶ አስተያየቱን ይሰማል። በዚህኛው ጉዳይ ሰውየው ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሲያይ አልተከራከረም። እግዱ ይነሳ ተባለ። ሥራው ግን አላለቀም። ለባንኩ የሚጻፈው ደብዳቤ ረቂቅ "በወይዘሮ እገሊት ስም ያለው እግድ ተነስቷል" ይል ነበር። እንዲህ ከወጣ የእውነተኛዋ ባለዕዳ ገንዘብም አብሮ ይለቀቃል። ያኔ ባለመብቱ በማግሥቱ አዲስ እግድ ያመጣል፣ እናንተም እንደገና ትያዛላችሁ። ወንድሟ ደብዳቤው ወጪ ሳይሆን አስተካከለው፦ የሒሳቡ ቁጥር እንዲጠቀስ፣ የሒሳቡ ባለቤት የፍርድ ባለዕዳዋ እንዳልሆነች እንዲገለጽ፣ ከእንግዲህ የሚጻፍ የእግድ ትእዛዝም የባለዕዳዋን የግብር ከፋይ ቁጥር እንዲይዝ።

ደብዳቤው ባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ደርሶ ቅርንጫፉ ሳይሰማ ሊከርም ይችላል። ስለዚህ ግልባጩን ይዛችሁ ቅርንጫፉ ሂዱና ትንሽ ገንዘብ አውጡ። ወጣ ማለት ተፈታ ማለት ነው።

ዕዳው የታየው በብድር መረጃ ላይ ከሆነ፣ ማለትም ለቤት ብድር አመልክታችሁ "ያልተከፈለ ብድር አለብዎ" ከተባላችሁ፣ መንገዱ ይለያል። የብድር መረጃ ማዕከሉ ያለው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ መረጃውን የሚልኩት ግን አበዳሪዎቹ ናቸው። ስለዚህ ስሕተቱን የሚያርመው ያንን ብድር የመዘገበው ባንክ ነው። የትኛው ባንክ እንደላከው ብድር ከከለከላችሁ ባንክ ጠይቁ። ለላከው ባንክም ለብሔራዊ ባንክም በጽሑፍ አመልክቱ፣ የግብር ከፋይ ቁጥራችሁንም አያይዙ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተሳሳተ የግል መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ማመልከቻችሁ ላይ ጥቀሱት።

የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ በማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ ከአንድ በላይ አውጡ። አንዱ ቅርንጫፉ ካለው ፋይላችሁ ይግባ፣ አንዱ ተወካያችሁ ጋ ይቀመጥ፣ አንዱ እናንተ ጋ። ሌላ ባንክ ያለ ሒሳባችሁም በዚያው ደብዳቤ ታግዶ እንደሆነ በዚያው ሰሞን ጠይቁ፤ የእግድ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ለብዙ ባንክ ነው የሚበተነው፣ እግዱን የሚያነሳው ደብዳቤ ግን የሚደርሰው ለተጠየቀለት ባንክ ብቻ ነው።