ድርሰታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ራሳችሁ የምታርሙበት ዝርዝር እንዴት ይዘጋጃል?

ከአሳይመንት ጋር ተያይዞ የሚሰጠውን የመፈተሻ ዝርዝር ታውቁታላችሁ። «ሐሳቤ ግልጽ ነው? ሰዋስው ጠብቄያለሁ? ሥርዓተ ነጥብ ተጠቅሜያለሁ?» ይላል። ተማሪው ሁሉም ላይ ቲክ ያደርግና ድርሰቱን መልሶ ሳያነብ ያስረክባል። አይፈረድበትም። ለጻፈው ሰውማ ሐሳቡ ሁሌም ግልጽ ነው!

የሚሠራ ዝርዝር እጅን ያሠራል። አስምር፣ አክብብ፣ ሰርዝ ይላል። ያሰመራችሁት መስመር ወረቀቱ ላይ ይታያል፤ ሳያነቡ ማስመር ደግሞ አይቻልም። እስቲ ለአማርኛ ድርሰት እንዴት እንደሚዘጋጅ በአንድ አንቀጽ ላይ እንየው።

መጀመሪያ የታረሙ ወረቀቶቻችሁን አውጡ

መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመረባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እዩና በዓይነት በዓይነት ለዩዋቸው። ከአንድ ጊዜ በላይ የመጣውን ብቻ ያዙ። አምስት ወይም ስድስት ነጥብ ይበቃል። ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ሠላሳ ጥያቄ ያለው ዝርዝር የእናንተን ስህተት አያውቅም፣ ደግሞም ማንም እስከ መጨረሻው አይሄድበትም።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ስህተት ወደ ትእዛዝ ቀይሩት

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። «የባለቤትና የግስ ስምምነት» ብሎ መጻፍ አይረዳም፤ ምን ልታደርጉ እንደሆነ አይናገርምና። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ባለቤቱ ሩቅ ይቀራል፣ ይረሳል። ስለዚህ ከአራት ነጥቡ ጀምራችሁ ወደኋላ ሂዱ። ግሱ ላይ አስምሩ፣ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ባለቤቱን አክብቡ፣ ሁለቱን አስተያዩ። (የአክብሮት «መጡ» ስህተት አይደለም። ግን «አባቴ መጡ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ላይ «ተናገረ» እንዳትሉ።)

ሌሎቹንም እንዲሁ። ለምሳሌ የአንድ ተማሪ ዝርዝር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

1. ኃይለ ቃሉ ላይ አስምር። ከዚያ ከእሱ ጋር የማይሄደውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በ«X» ምልክት አድርግበት።
2. «ዋና»፣ «ሁሉም»፣ «ሁልጊዜ» የሚሉ ቃላትን አክብብ። ማስረጃ አለህ? ከሌለህ ቀንሰው።
3. ከእያንዳንዱ አራት ነጥብ ወደኋላ፦ ግሱ፣ «ማን?»፣ ባለቤቱ።
4. ድርጊቱን «ምንን?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ የታወቀ ወይም የሰው የሆነ ነገር ከሆነ (መጽሐፉ፣ ቤታቸው) መጨረሻው ላይ «ን» አለ?
5. በ«ኦች» የሚያልቁ ቃላትን አክብብ። ቀድሞውኑ የበዛ ቃል ላይ አልጨመርክም?
6. ነጠላ ሰረዝ ባለበት ሁሉ፦ ግራና ቀኙ ራሳቸውን የቻሉ ዓረፍተ ነገሮች ከሆኑ ወደ ድርብ ሰረዝ ቀይር።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ሐሳብ ከላይ፣ ፊደልና ነጥብ ከታች። ብዙ ሰው በግልባጩ ነው የሚጀምረው፤ ፊደል ማረም ቀላል ነዋ።

አሁን አንቀጹ ላይ እንሞክረው

«በከተማችን የትራፊክ አደጋ ዋና መንስኤ የአሽከርካሪዎች ፍጥነት ነው። ብዙ አሽከርካሪዎች በትምህርት ቤት አካባቢ እንኳ ፍጥነታቸው አይቀንሱም። ሕፃናቶች መንገድ ሲያቋርጡ ለአደጋ ይጋለጣል። መንገዶቻችን ጠባብ ናቸው፣ ስለዚህ መንግሥት መንገድ ማስፋት አለበት። ማታ ማታ ጠጥተው የሚነዱ ሰዎችም ብዙ ናቸው።»

አንደኛው ነጥብ ወዲያውኑ ይይዘዋል። ኃይለ ቃሉ ስለ ፍጥነት ነው። አራተኛው ዓረፍተ ነገር ስለ መንገድ ጥበት፣ አምስተኛው ስለ መጠጥ ያወራል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን እዚህ ቦታቸው አይደለም። መውጫው ሁለት ነው፦ ወይ ኃይለ ቃሉን አስፍቶ «ብዙ መንስኤዎች አሉ» ማለት፣ ወይ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ማውጣት። እኔ ማውጣቱን እመርጣለሁ። ኃይለ ቃሉ ከሰፋ በአንድ አንቀጽ ሦስት ነገር ነካ ነካ ተደርጎ ይቀራል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ተመልከቱ። አራተኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የነጠላ ሰረዝ ስህተት ነበር። ከሥርዓተ ነጥብ የጀመረ ሰው እሱን በጥንቃቄ ያስተካክልና ኋላ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ከነእርማቱ ይሰርዘዋል።

ሁለተኛው ነጥብ «ዋና» የሚለውን ያስከብባል። ተማሪው ፍጥነት ከሌሎች መንስኤዎች ሁሉ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ምንም አላቀረበም፣ ስለዚህ «አንዱ መንስኤ» ቢል ይሻለዋል። ከዚያ የቀሩት ቶሎ ቶሎ ይሄዳሉ። «ማን ይጋለጣል?» ሲባል መልሱ ሕፃናት ነው፣ ስለዚህ «ይጋለጣሉ»። «ምንን አይቀንሱም?» ፍጥነታቸውን፤ «ን» ተረስታለች። «ሕፃናት» ራሱ ብዙ ስለሆነ «ኦች» አያስፈልገውም፤ «መምህራኖች» እና «ቃላቶች» ላይም የሚሠራው ያው ስህተት ነው።

ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲወጣ አንቀጹ ስስ ሆነ። ያን ቦታ ስለ ፍጥነት በሚናገር ነገር መሙላት ያስፈልጋል፦

«በከተማችን ለትራፊክ አደጋ አንዱ መንስኤ የአሽከርካሪዎች ፍጥነት ነው። ብዙ አሽከርካሪዎች በትምህርት ቤት አካባቢ እንኳ ፍጥነታቸውን አይቀንሱም። በፍጥነት የሚሄድ መኪና ፍሬን ቢይዝም ወዲያው አይቆምም። በዚህም የተነሳ ሕፃናት ድንገት መንገድ ሲያቋርጡ ለአደጋ ይጋለጣሉ።»

አዲስ የገባው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ፍጥነት ለምን አደጋ እንደሚያመጣ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። አዲስ የጨመራችሁትን ግን ከሦስተኛው ነጥብ ጀምሮ እንደገና አሳልፉት፣ ችኮላ ያለው እሱ ላይ ነው።

መቼ ይፈተሽ?

ጽፋችሁ እንደጨረሳችሁ አይሁን። ዓይን የሚያነበው ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ነው። ቢቻል አሳድሩት፣ ካልሆነ ሌላ ሥራ ሠርታችሁ ተመለሱበት። ስትመለሱ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ የተዘለለች «ን» ከዓይን ይልቅ በጆሮ ትያዛለች። ከሦስተኛው ነጥብ በኋላ ያሉትን ደግሞ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው እየሄዳችሁ ፈትሹ። ታሪኩ ስለሚበጣጠስ ሐሳቡ ይዟችሁ አይነጉድም።

ዝርዝሩ የማይደርስበት

የማታውቁትን ስህተት አይይዝላችሁም። «ሕፃናቶች» ትክክል ነው ብሎ የሚያምን ተማሪ ቃሉን ያከብባል፣ ያየዋል፣ ያልፈዋል። ስለዚህ ድርሰቱን ለጓደኛ ስጡ፣ ዝርዝሩን ግን አብራችሁ አትስጡ፤ እሱ የራሱን ይዞ ያንብብ። የእናንተ ዝርዝር ያላሰበውን የሚያገኘው እንደዚያ ነው።

መምህራን ብትሆኑ ቲክ አትጠይቁ። «ምን ቀየርክ? የቱ ቦታ?» ብላችሁ በአንድ መስመር አጽፉ። ምንም ያልቀየረ ተማሪ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ይቸገራል።

ዝርዝሩ መቀየርም አለበት። በተከታታይ የታረሙ ወረቀቶች ላይ ያልታየ ስህተት ይውጣ፣ አዲሱ ይግባ። ፈተና ላይ ወረቀቱን ይዞ መግባት ስለማይቻል፣ ከመካከላቸው ብዙ ማርክ የሚያስቀንሱባችሁን ሦስቱን በቃል ያዙና መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ አስተርፉላቸው። አንደኛው ነጥብ ግን ለዚያ ሰዓት አይሆንም። አምስት ደቂቃ ሲቀር ግማሽ አንቀጽ መሰረዝ ስለማይቻል፣ ኃይለ ቃሉ ላይ ገና እየጻፋችሁ አስምሩና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት ተመልከቱት።