ጓደኛዬ አለቃዬ ስትሆን «አንቺ» ልበላት ወይስ «እርስዎ»?

ስድስት ዓመት ሒሳብ ክፍል አብረን ሠርተናል፤ ምሳችንም ከአንድ ሳህን ነበር። ባለፈው መስከረም እሷ የቡድን መሪ ሆነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፌ ተያዘ። ሰው ፊት «እርስዎ» ስላት ፊቷ ይጠቁራል፣ «አንቺ» ስላት ደግሞ ባልደረቦቻችን ይተያያሉ። ምሳውም ቀስ በቀስ ቀረ።

ሁለት ወር ከቆየሁ በኋላ አላስቻለኝም። ቅዳሜ ቤቷ ሄጄ ቡናው እየፈላ «ተቀይመሽኛል እንዴ?» አልኳት። ለካ እሷ በሹመቷ ቀንቼ የራቅኋት መስሏታል!

እዚያው ተነጋገርን። «አንቺ» ይቀጥላል፣ ግን ስብሰባ ላይ አልከራከራትም፤ ካልተስማማሁ፣ በኋላ ቢሮዋ ገብቼ እነግራታለሁ። ፈቃድ ስፈልግ እንደማንኛውም ሰው ቅጽ እሞላለሁ እንጂ ማታ አልደውልላትም። የባልደረቦቻችንን ወሬ ደግሞ እሷም አትጠይቀኝም፣ እኔም አላወራላትም። ከባዱ ይሄ ነበር፣ ምክንያቱም ድሮ የምሳ ጨዋታችን ግማሹ እሱ ነው፤ አሁን ግን እኔ ጋር ያወሩት አለቃ ጆሮ ከደረሰ ማን ያምነኛል?

በጥር ምዘና ላይ «ሪፖርት ሁለቴ አዘግይተሻል» ብላ፣ ቀኑን ጠቅሳ ነጥብ ቀነሰችብኝ። አመመኝ፣ ግን እውነቷን ነው። በዚያው ቀን ምሳ አብረን በላን።