የተወጠረ ገመድ ሃርሞኒክ ስናሰላ የምንሠራቸው ስህተቶች፣ እያንዳንዱ ከሚተወው አሻራ ጋር

ሁለት ጫፉ የታሰረ ገመድ ላይ ቋሚ ሞገድ ሲፈጠር የሃርሞኒኮቹን ፍሪኩዌንሲ የሚሰጠን ቀመር አጭር ነው።

```
v = √(T/μ)
f = n·v/(2L)
```

T ውጥረቱ ነው። μ የርዝመት እፍጋቱ ነው፤ የገመዱ አንድ ሜትር ስንት ኪሎግራም እንደሚይዝ ይነግረናል። L የሚንቀጠቀጠው ክፍል ርዝመት፣ n ደግሞ የሃርሞኒኩ ቁጥር ነው።

ቀመሩን የማያውቅ ተማሪ እምብዛም አላጋጠመኝም። ችግሩ የሚመጣው ቁጥር ሲገባበት ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር ቁጭ ብዬ ስህተት ስፈልግ አንድ ነገር አስተዋልኩ። እያንዳንዱ ስህተት መልሱን የሚያዛባው በራሱ በታወቀ መጠን ነው። ያገኛችሁትን ለትክክለኛው ስታካፍሉት የሚወጣው ቁጥር ስህተቱ የት እንዳለ ይጠቁማል። እንግዲህ አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ።

1.60 ሜትር የሆነ ሲባጎ ሚዛን ላይ አስቀመጥን፤ 2.4 ግራም ሆነ። አንዱን ጫፍ በ50 ሄርዝ ከሚርገበገብ ቫይብሬተር ጋር አሰርን። ሌላው ጫፍ በፑሊ ላይ አልፎ 600 ግራም ተንጠለጠለበት። ከቫይብሬተሩ እስከ ፑሊው 1.20 ሜትር ነው።

ትክክለኛው ስሌት ይህ ነው።

```
μ = 0.0024/1.60 = 0.0015 kg/m
T = 0.600 × 9.8 = 5.88 N
v = √(5.88/0.0015) = 62.6 m/s
f1 = 62.6/2.40 = 26.1 Hz
f2 = 52.2 Hz
```

የተንጠለጠለውን ማስ እንደ ውጥረት መውሰድ

በጣም የተለመደው ይህ ነው። ተማሪው 0.6 ኪሎግራሙን በቀጥታ T ቦታ ያስገባል። 0.6 ሲካፈል ለ0.0015፣ 400 ይሆናል። ካሬ ሩቱ 20። ያማረ፣ ክፍልፋይ የሌለው ቁጥር! ከ62.6 ይልቅ ይኼ ልብ ያሳርፋል፤ ስለዚህ ማንም መልሶ አያየውም። ይባስ ብሎ ሁለቱንም በግራም የወሰደም ሰው 600ን ለ1.5 አካፍሎ እዚያው 400 ላይ ይደርሳል። ሁለት ጓደኛሞች በተለያየ መንገድ ሄደው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ሲያገኙ እርግጠኛ ይሆናሉ።

የሚያጋልጠው አሃዱ ነው። ኪሎግራም ለኪሎግራም በሜትር ሲካፈል የሚቀረው ሜትር ብቻ ነው። የሜትር ካሬ ሩት ፍጥነት ሊሆን አይችልም። ውጥረት ኃይል ስለሆነ በኒውተን መሆን አለበት፤ ስለዚህ ማሱ በ9.8 ይባዛል። አሻራው 3.13 ነው፣ የ9.8 ካሬ ሩት። የምትጠብቁት ከምታዩት በዚህ እጥፍ ካነሰ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ግራምን ወደ ኪሎግራም መቀየር መርሳትም ዘመዱ ነው። ውጥረቱን በኒውተን በትክክል አስገብቶ እፍጋቱን 1.5 ብሎ የተወ ሰው መሠረታዊ ፍሪኩዌንሲውን 0.82 ሄርዝ ያገኛል። ይህ ማለት ሲባጎው አንድ ዙር ለመጨረስ ከሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በዓይናችን ቆመን የምንቆጥረው እንቅስቃሴ! የተወጠረ ሲባጎ እንዲህ እንደማያደርግ ማንም ያውቃል። አሻራው 31.6 ነው፣ የ1000 ካሬ ሩት።

ሁለቱን ርዝመቶች ማደባለቅ

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪም ይሰናከላል። በምሳሌያችን ሁለት ርዝመት አለ። 1.60 ሜትሩ ሚዛን ላይ የወጣው ሙሉው ሲባጎ ነው። 1.20 ሜትሩ የሚንቀጠቀጠው ክፍል ብቻ ነው። የቀረው 40 ሴንቲሜትር ቋጠሮው ውስጥና ከፑሊው በታች ነው ያለው።

ጥያቄው L ብሎ 1.20 ስለሚሰጥ ተማሪው 2.4 ግራሙን ለ1.20 ያካፍላል። እፍጋቱ 0.002 ይሆናል። መሠረታዊው ፍሪኩዌንሲ 22.6 ሄርዝ ይወጣል፤ መሆን የነበረበት 26.1 ነው። ልዩነቱ 13 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ስህተት አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። 13 በመቶ ሲሆን ሰው «የመለኪያ ስህተት ነው» ብሎ ያልፈዋል። አይደለም። ማሱ የየትኛው ርዝመት እንደሆነ ጠይቁ፤ ለዚያው ርዝመት ብቻ አካፍሉ።

ክራር ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ክሩ ላይኛው ቀንበር ላይ ተጠምጥሟል፤ ታችም ቆዳው ላይ ካረፈችው እንጨት አልፎ ይታሰራል። ድምፁን የሚወስነው ርዝመት ግን በእንጨቷና በቀንበሩ መካከል ያለው ብቻ ነው። የተጠመጠመው ትርፍ L ውስጥ አይገባም።

የመጀመሪያውን ሃርሞኒክ የሞገድ ርዝመት L ማድረግ

ገመዱ L ስለሆነ ሞገዱም L ይመስላል። ነገር ግን በመሠረታዊው ሃርሞኒክ ገመዱ ላይ የሚታየው አንድ ጉብታ ግማሽ ሞገድ ነው። ስለዚህ የሞገዱ ርዝመት 2L፣ በእኛ ምሳሌ 2.40 ሜትር ነው።

ይህን የሳተ ሰው መሠረታዊውን 52.2 ሄርዝ ያደርገዋል። ቫይብሬተሩ 50 ስለሆነም አንድ ሉፕ ሊያይ ይጠብቃል። ሲባጎው ግን መሃሉ ላይ ጸጥ ያለ ነጥብ አበጅቶ ሁለት ሉፕ ያሳየዋል። አሻራው ልክ 2 ነው፤ የሉፕ ቁጥር ስለሆነ ያለ መለኪያ በዓይን ይታያል።

ኖዶችን ቆጥሮ n ማድረግም እዚሁ አጠገብ ነው። ሁለት ሉፕ ካለ ሦስት ኖድ አለ፤ ሁለቱ የታሰሩት ጫፎች ናቸው። n የሉፖቹ ቁጥር ነው። ከታየው ሉፕ ተነስታችሁ እፍጋቱን ስታሰሉ በ2 ፈንታ 3 ካስገባችሁ፣ n ካሬ ስለሚሆን እፍጋቱ 2.25 እጥፍ ይበዛባችኋል። «ኦቨርቶን» የሚለውን ቃል ስታዩም ተጠንቀቁ። ሁለተኛው ኦቨርቶን ሦስተኛው ሃርሞኒክ ነው፤ አንድ ቁጥር ወደፊት ይሄዳል።

«ውጥረት ሲጨምር ሉፑም ይበዛል»

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልሰጠው የምፈልገው ይህ ነው፤ ስህተቱ ከካልኩሌተር ሳይሆን ከአስተሳሰብ ስለሚመጣ።

ተማሪው ውጥረት ሲጨምር ፍሪኩዌንሲ እንደሚጨምር ያውቃል። ከፍተኛ ሃርሞኒክ ብዙ ሉፕ እንዳለውም ያውቃል። ሁለቱን ያገናኝና ማስ ስጨምር ሉፕ ይበዛል ይላል። ላብራቶሪ ገብቶ ማስ ሲጨምር ግን ሉፖቹ ይቀንሳሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫይብሬተሩ ፍሪኩዌንሲውን 50 ላይ ቆልፎታል። ማስ ስንጨምር የሚለወጠው የሞገዱ ፍጥነት ነው። ፍሪኩዌንሲው ካልተነካ ፍጥነቱ ሲጨምር የሞገዱ ርዝመት ይረዝማል። በዚያው 1.20 ሜትር ውስጥ የሚገቡት ሉፖች ያኔ ያንሳሉ። ክራር ስንቃኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ፍሪኩዌንሲውን የሚይዝ ነገር የለም። የክሩ ርዝመት አልተነካም፣ የሉፑም ቅርጽ ያው ነው፤ ስለዚህ ውጥረቱ ሲጨምር ከፍ የሚለው ድምፁ ነው።

ሲባጎአችን ላይ በ50 ሄርዝ የሚያስፈልጉት ማሶች እነዚህ ናቸው።

```
n=4   v=30    T=1.35 N   0.138 kg
n=3   v=40    T=2.40 N   0.245 kg
n=2   v=60    T=5.40 N   0.551 kg
n=1   v=120   T=21.6 N   2.204 kg
```

ከሁለት ሉፕ ወደ አንድ ለመውረድ ማሱ አራት እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። ፍጥነቱ የሚከተለው የውጥረቱን ካሬ ሩት ስለሆነ ነው። ማርን መርሴን የተባለው ፈረንሳዊ በ1636 ይህንን ሕግ አሳትሞታል። ክሩን በአንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ለመቃኘት የሞከረ ሰው የሚበጥሰውም ለዚህ ነው፤ ክሩን አራት እጥፍ ውጥረት ተሸከም እያለው ነው።

የሰንጠረዡ ሌላ ጥቅም አለ። በጀመርንበት 600 ግራም ሁለተኛው ሃርሞኒክ 52.2 ነው፣ ቫይብሬተሩ ደግሞ 50። ስለዚህ ሉፖቹ ደካማና የማይረጉ ይሆናሉ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ መሣሪያው ተበላሽቷል ይላል። 49 ግራም ገደማ ብቻ ቀንሱ፤ 551 አካባቢ ሲደርስ ሁለቱ ሉፖች ሰፍተው ይቆማሉ።

ቫይብሬተሩን ሳይጠይቁ 50 ማለት

የኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ሄርዝ ነው። በመስመሩ የሚሠራ ተራ የብረት ምላስ ያለው ኤሌክትሮማግኔት ግን ምላሱን በእያንዳንዱ ዑደት ሁለት ጊዜ ይስባል፤ ምክንያቱም ማግኔት ብረትን በሰሜንም በደቡብም ዋልታው ይስባል። ገመዱ ያኔ በ100 ሄርዝ ይነዳል። ቋሚ ማግኔት ያለበት ቫይብሬተር ግን 50 ላይ ይቆያል። በ551 ግራም ሁለት ሉፕ ጠብቃችሁ አራት ካያችሁ ስሌታችሁ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው የነጂው ፍሪኩዌንሲ ነው።

የድምፅን ፍጥነት ማስገባት

v ቦታ 340 የሚያስገባ ሰው አለ። እሱ በአየር ውስጥ የሚሄደው ድምፅ ፍጥነት ነው። ሲባጎው ላይ ሞገዱ የሚሄደው በ60 ሜትር በሰከንድ ነው። ከገመዱ ወደ አየሩ ሳይለወጥ የሚሻገረው ፍሪኩዌንሲው ብቻ ነው።

የቀረችዋ ጥቂት በመቶ

ሁሉንም አርማችሁም ሁለት ሦስት በመቶ ልዩነት ይቀራል። ሁለት ምክንያት አዘውትሬ አገኛለሁ። አንደኛው ሲባጎው ሲወጠር መለጠጡ ነው። 5 በመቶ ከረዘመ እፍጋቱ ያንኑ ያህል ይሳሳል፣ ፍጥነቱም 2.5 በመቶ ያህል ይጨምራል። ማሱን አንጠልጥላችሁ እያለ ሲባጎው ላይ ሁለት ምልክት አድርጉ፤ በመካከላቸው ያለውን ለኩ። ከዚያ አውርዳችሁ በምልክቶቹ ላይ ቁረጡና ቁራጩን መዝኑ። በዚህ መንገድ የተወጠረውን ሲባጎ እፍጋት ታገኛላችሁ።

ሁለተኛው የቫይብሬተሩ ጫፍ ነው። ስለሚንቀሳቀስ ልክ ኖድ አይደለም፤ እውነተኛው ኖድ ከእሱ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ስለዚህ ከቫይብሬተሩ አትለኩ። ሁለት ሉፕ ሲቆም ከመሃለኛው ኖድ እስከ ፑሊው ያለውን ለኩና ሁለት እጥፍ አድርጉት። L ብላችሁ የምታስገቡት ያንን ነው።