የኬሊን ቀመር ሙሉውን አትጠቀሙ

በእያንዳንዱ ውርርድ ካላችሁ ገንዘብ ምን ያህሉን ማስያዝ እንዳለባችሁ የሚነግር ቀመር አለ፤ የቤል ላቦራቶሪው ጆን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው ነው።

f = p − (1 − p)/b

p የማሸነፍ ዕድል፣ b ደግሞ በእያንዳንዱ ብር የሚገኘው ትርፍ ነው። ዕድላችሁ 55 በመቶ፣ ትርፉም ካስያዛችሁት እኩል ቢሆን መልሱ 10 በመቶ ነው፤ ከ10,000 ብር 1,000 ብር ማለት ነው። በረጅም ጊዜ ከዚህ የበለጠ የሚያሳድግ መጠን የለም።

ችግሩ ያለው p ላይ ነው። 55 ያላችሁት ግምታችሁን ነው። እውነተኛው ዕድል 52 በመቶ ቢሆን ትክክለኛው መጠን 4 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ10 በመቶ የቀጠለ ሰው ዕድሉ ለእርሱ እያደላ እንኳን ገንዘቡ ይመነምናል! ግማሹን፣ ማለትም 5 በመቶውን ቢያስይዝ ግን በዝግታም ቢሆን ያድግ ነበር።

ልምድ ያላቸው ሰዎች ግማሹን ወይም ሩቡን የሚወስዱት ለዚህ ነው። ግምቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ግማሹ ከዕድገቱ ሦስት አራተኛ ያህሉን ያስቀርላችኋል፤ ገንዘባችሁ አንድ ቀን ከመነሻው ወደ ግማሽ የመውረዱ ዕድል ደግሞ ከአንድ ሁለተኛ ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይቀንሳል። እኔ ከሩቡ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። ቀመሩ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ካወጣ ግን ምንም አታስይዙ።