ተከታታይ ዝግጅቱ እንዲቋረጥ ያቀረብኩት ሐሳብ በምን መረጃ ጸደቀ

በምመራው የቪዲዮ ቻናል ላይ አንድ ተከታታይ ዝግጅት እንዲቋረጥ ያቀረብኩት ሐሳብ መጀመሪያ ተቀባይነት ያጣው፣ የዝግጅቱ ጠቅላላ ዕይታ ከሌሎቹ ስለማያንስ ነበር። ይህ ድምር ግን አሳሳች ነው፤ አብዛኛውን ያመጣው ተመልካቾች በፍለጋ የሚያገኙት የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ እሱም ዕይታ ለማጠራቀም ከሁሉም የረዘመ ጊዜ አግኝቷል። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍል በወጣ በ28 ቀናት ውስጥ ባገኘው ዕይታ መዘንኩት፤ አንድ የተለየ ክፍል አማካዩን ወደ ላይ ስለሚጎትተውም፣ በአማካዩ ፋንታ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለውን ቁጥር ወሰድኩ። በዚህ መለኪያ ተከታታዩ የቻናሉን የተለመደ ዕይታ ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር።

የቀረው ጥያቄ ችግሩ ይጠገናል ወይ የሚለው ነበር። የሚከፍቱት ጥቂቶች ሆነው የከፈቱት እስከ መጨረሻው ቢያዩ ኖሮ፣ ርዕስና የሽፋን ምስል መቀየር ይበቃ ነበር። እኛ ግን እነዚህን ከቀየርን በኋላ የሚከፍቱት ቢጨምሩም፣ አብዛኞቹ በመጀመሪያው ደቂቃ ይወጣሉ፤ አንዱን ክፍል ያዩትም ለቀጣዩ አይመለሱም። መግቢያውን ማሳጠርም ይህን አልለወጠውም።

በመጨረሻ የጸደቀው፣ የተቀረጹት ክፍሎች ከወጡ በኋላ ዝግጅቱ እንዲዘጋ ነው። የቀደሙት አይሰረዙም፤ የመጀመሪያው ክፍል አሁንም አዲስ ተመልካች ስለሚያመጣ፣ በማብቂያው ላይ ወደ ሌላ ዝግጅት የሚመራ ማስፈንጠሪያ አስገብተንበታል።