የልጆች መጽሐፍ ስንሥል ገጸ ባሕርይው ከገጽ ገጽ እንዳይለወጥብን ምን እናድርግ?

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ የሣልኩት አንድ የልጆች መጽሐፍ 24 ገጽ ነበረው። ታሪኩ ከአያቱ ጋር በደንገል ታንኳ ጣናን ስለሚሻገር ልጅ ነው። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የእህቴ ልጅ ገጾቹን ስታገላብጥ 23ኛው ላይ ቆም አለችና «ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ነው?» አለችኝ። ልብሱ ያው ነው፣ ፀጉሩም ያው ነው። ማስመሪያ አንሥቼ ስለካው ግን ልጅቷ ልክ ነበረች።

ልኬቱ ቀላል ነው። ከአናት እስከ አገጭ ያለውን ርዝመት «አንድ ራስ» እንበለውና ልጁ ከአናቱ እስከ እግሩ ስንት ራስ እንደሚሆን እንቁጠር። ገጽ 3 ላይ ራሱ 24 ሚሊ ሜትር፣ ሙሉ ቁመቱ 84 ነበር፤ ሦስት ራስ ተኩል ማለት ነው። ገጽ 11 ላይ ራሱ 21፣ ቁመቱ 84 ሆኖ አራት ራስ ሞላ። ገጽ 23 ላይ ደግሞ ራሱ 20፣ ቁመቱ 90 ሲሆን አራት ራስ ተኩል ወጣው። ራሱ ከአካሉ አንጻር ሲያንስ ልጅ ያድጋል። ትንሽ ልጅን ትንሽ የሚያስመስለው ከሁሉ በፊት የራሱ ትልቅነት ነውና።

ይህ ሁሉ ሲሆን ለምን አላየሁም? እያንዳንዱን ገጽ ስሥል ከፊቴ የማስቀምጠው የቀደመውን ገጽ ብቻ ስለነበር ነው። ገጽ 12 ገጽ 11ን ይመስላል፣ ገጽ 13ም 12ን ይመስላል። በአንድ ገጽ የሚሳተው ግማሽ ሚሊ ሜትር ዓይን አይገባም፤ እየተጠራቀመ ሲሄድ ግን መጨረሻው ላይ ሌላ ልጅ ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፦ ማንኛውም ገጽ ከቀዳሚው ገጽ አይቀዳ፤ ሁሉም ከአንድ የመለኪያ ወረቀት ይለካ።

የመለኪያ ወረቀቱ

ጠንከር ያለ ወረቀት ላይ ልጁን ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላና ተቀምጦ ይሣሉት። አራቱም በአንድ መጠን ይሁኑና በአናት፣ በአገጭ፣ በወገብና በእግር ላይ አግድም መስመር ይለፍባቸው። የኔ ልጅ አሁን አራት ራስ ነው፦ ራሱ አንድ፣ ከአገጭ እስከ መቀመጫው አንድ ራስ ከአራት ዐሥረኛ፣ እግሩ አንድ ራስ ከስድስት ዐሥረኛ። ዓይኖቹ ከአናት እስከ አገጭ ካለው ርዝመት ከመሃሉ ትንሽ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ይህችን በተለይ ይጻፏት፤ እጅ ሲፈጥን ዓይን ወደ ላይ ይወጣል፣ ዓይን ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ የልጁ ፊት የአዋቂ ፊት ይሆናል።

የተቀመጠውን ሥዕል እንዳይዘልሉት። በታንኳ ታሪክ ውስጥ ልጁ ግማሹን መጽሐፍ ተቀምጦ ነው የሚያልፈው፤ ሙሉ ቁመቱ በሌለበት ደግሞ የሚለካ ነገር ያጣሉ። በኔ ልክ ከአናቱ እስከ መቀመጫው ሁለት ራስ ከአራት ዐሥረኛ ነው፤ ራሱ 20 ሚሊ ሜትር በሆነበት ገጽ ላይ 48 ሊሆን ይገባል ማለት ነው። ጎንበስ ብሎ ውኃ የሚነካ ከሆነ ማስመሪያ አይረዳም። ቀጭን ክር ከአገጩ ጀምሮ በጀርባው ጉብታ ላይ እስከ መቀመጫው አስተኝተው፣ ክሩን ዘርግተው ይለኩት። ከላይ ወደ ታች የታየ ልጅ ላይ ግን ይህ ልኬት አይሠራም፤ አካሉ በዕይታ ስለሚያጥር እዚያ የዓይንን ቦታና የፊትን ስፋት ብቻ ማመሳከር ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ወረቀቱ መለኪያ እንጂ መገልበጫ አይደለም። ከሥሩ አድርገው ሲገለብጡት ልጁ በየገጹ የደረቀ ማኅተም ይሆናል።

መስመሩ

የመስመር መለዋወጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእጅ ሳይሆን ከወረቀት መጠን ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ገጾች ኤ3 ላይ ሣልኩ፤ ወረቀቱ ሲያልቅብኝ ቀሪውን ኤ4 ላይ ቀጠልኩ፣ ብዕሩ ግን ያው 0.5 ነበር። መጽሐፉ የሚታተመው በኤ4 ስለነበር የኤ3ው ሥዕል ወደ 71 በመቶ ሲያንስ መስመሩም 0.35 ሆነ፤ የኤ4ው ባለበት 0.5 ቀረ። አንባቢው ምክንያቱን ባያውቅም የመጽሐፉ መጀመሪያ ስስ፣ መጨረሻው ወፍራም ሆኖ ይታየዋል። መፍትሔው ሁሉንም ገጽ በአንድ መጠን ወረቀት መሣል ነው። ወረቀቱን ቆጥረው፣ ለሚበላሸውም ጨምረው፣ ሳይጀምሩ ይግዙ።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። እርሳሱንም ቀለሙንም ገጽ በገጽ ከጨረሱ፣ የመጀመሪያው ገጽ መስመር የፈራ፣ የመጨረሻው የለቀቀ ይሆናል። የሁሉም ገጽ እርሳስ መጀመሪያ ይለቅ፤ ቀለሙ ከዚያ በተቀራረቡ ቀናት ይሠራ። ያኔም ከመሃል ይጀምሩ፦ 12፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 20 እያሉ። እጅዎ ቢለወጥ እንኳ ለውጡ ስለሚበተን ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ እየተንሸራተተ አይሄድም። በየቀኑ ከመጀመርዎ በፊት የትናንቱን አንድ መስመር፣ ለምሳሌ የታንኳውን ጫፍ፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ አራት አምስት ጊዜ ይሥሩት፤ እስኪመሳሰል ድረስ ዋናውን አይንኩ። ጫፉ ያለቀ ብዕር ወፍራምና ደረቅ መስመር ስለሚያወጣ፣ ቁራጩ ላይ ያንንም ያዩታል።

ሐይቅ አጠገብ ለምንሠራ ደግሞ ክረምት አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል፤ በበጋ ጥርት ብሎ የወጣው መስመር ያኔ ጠርዙ ይበተናል። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ነው የማኖረው፤ የማወጣውም ለዕለቱ የሚበቃኝን ብቻ ነው።

አንዴ ከተሳተ በኋላ

ሁሉንም እንደገና መሣል አያስፈልግም። መለኪያ የሚሆነው የመጀመሪያው ገጽ ሳይሆን ብዙዎቹ ገጾች የሚቀርቡት ልክ ነው፤ የኔ አራት ራስ ነበር። ከዚያ በእያንዳንዱ ገጽ ከአገጭ በታች ያለውን ርዝመት ለሦስት አካፍያለሁ፤ ራሱ መሆን የሚገባው መጠን እሱ ነው።

ገጽ 18 ላይ ከአገጭ በታች 66 ነበር፤ ስለዚህ ራሱ 22 መሆን ሲገባው 20 ነው። ስካን ካደረግሁት በኋላ ራሱን ብቻ መርጬ 110 በመቶ አሳደግሁት፤ መስመሩ ከ0.5 ወደ 0.55 ስለሄደ አይታይም። ገጽ 23 ግን 70 ለሦስት ሲካፈል 23.3 ነው፣ ወደ 117 በመቶ መሄድ ሊኖርበት ነው። የፊቱ መስመር ከልብሱ መስመር ወፍሮ ከሌላ ሥዕል ተቆርጦ የተለጠፈ መሰለ። ገጽ 3 ደግሞ በተቃራኒው ራሱ ወደ 83 በመቶ ማነስ ስላለበት መስመሩ ይሳሳል። ሁለቱን እንደገና ሣልኳቸው። በኔ ልምድ ከ10 በመቶ በላይ የሚፈልግ ገጽ ሲያጋጥም መልሶ መሣሉ ይቀላል።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመላክዎ በፊት ገጾቹን ሁሉ ፎቶኮፒ አስደርገው የልጁን ራስ ከየገጹ በመቀስ ይቁረጡና መሬት ላይ በተርታ ይደርድሯቸው። የፊቱ አገላለጽ ይለያይ፣ መሳቁም ማልቀሱም ይኑር። የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፦ የዓይኑን ቦታ፣ በዓይኖቹ መካከል ያለውን ርቀት፣ የአገጩን መስመር ውፍረት። ከዚያ ተርታውን ያደባልቁና የገጽ ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጣቸው ይጠይቁ። ካስተካከላቸው ሥዕልዎ ገና እየተንሸራተተ ነው።