ጠቋሚዋ ትታይ ወይስ ትደበቅ? ስክሪንሾት ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ ካላችሁ፣ ማሽኑ አጠገብ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ሃንዳውት ተቆልሎ ማየታችሁ አይቀርም። ኤክሴል፣ ወርድ፣ ፒችትሪ። ጽሑፉ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን የሚያስረዳው ስክሪንሾቱ ነው። ስክሪንሾቱ ላይ ግን የማውስ ጠቋሚዋ አንዳንዴ ያለቦታዋ ተገትራለች፣ አንዳንዴ ደግሞ የግድ በምታስፈልግበት ቦታ የለችም። ለጓደኛ በሚላክ ስክሪንሾት ይህ ማንንም አያስጨንቅም። ትምህርት የሚያዘጋጅ ሰው ግን ይጨነቃል፤ ተማሪ ያየውን እንዳለ ነውና የሚሠራው።

ነገሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ኤክሴል ላይ ስለሆነ ምሳሌዬን ከዚያ ልውሰድ።

ጠቋሚዋ ራሷ ትምህርት ስትሆን አለማሳየት

የእቁብ አባላትን ዝርዝር እያዘጋጀን ነው እንበል። A1 ላይ 1፣ A2 ላይ 2 ተጽፏል፤ የቀረው እስከ 20 በመጎተት ይሞላል። ሃንዳውቱ «ሁለቱን ሴሎች መርጠህ ወደ ታች ጎትት» ይላል። ሥዕሉ ላይ ሁለቱ ሴሎች በአረንጓዴ መስመር ተከበዋል። ጠቋሚ የለም።

ተማሪው ይጎትታል። ከዚያ ይጣራል፦ «ቲቸር፣ የኔ ቁጥሮች ወደ ታች ወረዱ እንጂ አልበዙም!» አጠገቡ ያለችው ልጅ ደግሞ ብዙ ሴሎች መርጣ ቁጭ ብላለች፤ አንድም አዲስ ቁጥር አልመጣላትም። ሁለቱም የታዘዙትን ነው ያደረጉት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ማውሱ ሴሉ መሃል ሲሆን ጠቋሚዋ ወፍራም ነጭ መስቀል ትሆናለች፤ ያኔ ብትጎትቱ መምረጥ ብቻ ነው። የሴሉ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ባለ አራት አቅጣጫ ቀስት ትጨመርባታለች፤ ያኔ መጎተት ቁጥሮቹን ከቦታቸው ያነሳቸዋል። በስተቀኝ ታች ጥግ ያለችው ትንሽ ካሬ ላይ ስታርፍ ብቻ ቀጭን ጥቁር መስቀል ትሆናለች። የሚሞላው ይህ ነው። በእነዚህ ሦስት ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ፒክስል ነው። ጠቋሚ በሌለበት ሥዕል ላይ ደግሞ ሦስቱም አንድ ናቸው።

የኮለም ስፋትም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ አልበቃ ብሎት ##### ሲመጣ የሚጎተተው በኮለሞቹ ፊደሎች መካከል ያለው መስመር ነው። እዚያ ስትደርስ ጠቋሚዋ ባለ ሁለት ጎን ቀስት ትሆናለች፤ ተማሪው ይህንን ካላየ ኮለሙን መርጦ ይቀራል።

በሌላ በኩል «የሚወጣው ውጤት ይህን ይመስላል» ለማለት ብቻ በሚገባ ሥዕል ላይ ጠቋሚ ምን ታደርጋለች? አይን መሳብ ብቻ ነው ትርፏ። ትውጣ።

PrtScn ያመጣታል ብሎ ማመን

ዊንዶውስ ላይ PrtScn ስትጫኑ ጠቋሚዋ ሥዕሉ ውስጥ አትገባም። Snipping Tool የሚያነሳው ስክሪንሾትም ላይ የለችም። ብልሽት አይደለም። ጠቋሚዋ አብዛኛውን ጊዜ ከስክሪኑ ምስል ጋር አንድ ላይ አትሳልም፤ ግራፊክስ ካርዱ በመጨረሻ ከላይ ነው የሚደርባት። ማውሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስክሪኑ እንደገና እንዳይሳል ነው እንዲህ የሚሆነው። ስክሪንሾት የሚያነበው ከሥር ያለውን ምስል ነው። ጠቋሚዋን የሚያስገቡ ፕሮግራሞች ቅርጿንና ያለችበትን ቦታ ዊንዶውስን ለብቻ ይጠይቁና ራሳቸው ሥዕሉ ላይ ይጨምሯታል።

ለዚህ ሥራ ዊንዶውስ ላይ በነፃ የሚገኘው ግሪንሾት ደህና ነው። ታች ሰዓቱ አጠገብ ያለውን ምልክቱን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ Preferences ውስጥ ግቡ፤ Capture የሚለው ስር Capture mousepointer ላይ የራይት ምልክት አድርጉ። ከዚያ ማውሱን ካሬዋ ላይ አሳርፉና ጥቁሯ መስቀል እስክትመጣ ጠብቁ። እጃችሁን ሳታነቃንቁ በሌላኛው እጅ Ctrl+PrtScn ተጫኑ። PrtScn ብቻውን ከሆነ ዊንዶውስ 11 ላይ Snipping Tool ሊቀድማችሁ ይችላል።

የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ሥዕሉ በራሱ ኤዲተር ሲከፈት ጠቋሚዋ ለብቻዋ የተቀመጠች ነገር ናት። መግፋት ይቻላል፣ Delete ብሎ ማጥፋትም ይቻላል። ስለዚህ ሁሌም ከነጠቋሚዋ አንሱና ትቅር ወይ ትውጣ የሚለውን ኋላ ወስኑ። PNG አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁ ግን ከሥዕሉ ጋር ትዋሃዳለች፤ በኋላ ማስተካከል የምትፈልጉ ከሆነ በ.greenshot ፎርማት አንድ ኮፒ ያዙ።

ማክ ላይ ነገሩ ቀላል ነው፦ Command+Shift+5፣ ከዚያ Options ውስጥ Show Mouse Pointer።

ጠቋሚዋን አጥፍቶ ዱካዋን መተው

ይህንን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጠቋሚዋን ከሥዕሉ ብታወጡም ማውሱ ያረፈበት በተን መልኩን እንደቀየረ ነው። Bold ላይ አርፎ ከነበረ በተኑ ደመቅ ብሎ ይታያል፣ ከሥሩም የማብራሪያ ሣጥን ተዘርግቶ የሪበኑን ግማሽ ይሸፍናል። ተማሪው «ይህ ተጭኗል ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እውነቱን ነው። ግሪንሾት ላይ Delete ማለትም ይህንን አያነሳም፤ የሚያጠፋው ጠቋሚዋን ብቻ ነው።

ስለዚህ ጠቋሚዋ የማትፈለግ ከሆነ ከማንሳታችሁ በፊት ማውሱን ባዶ ቦታ ውሰዱት። ማውሱ ሲነሳ የሚዘጋ ሜኑ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምርጫ የለም፤ ማውሱ እዚያው ይቆይ፣ ጠቋሚዋም ሥዕሉ ላይ ትታይ። ያኔ ቢያንስ ሜኑው ለምን እንደተከፈተ ያስረዳል።

ከኢንተርኔት የወረደ ቀስት መለጠፍ

በአጭሩ፣ አይመከርም። ጥቁር መስቀል በሚመጣበት ቦታ ነጭ ቀስት መለጠፍ ተማሪውን ስክሪኑ ላይ ጨርሶ የማያገኘውን ነገር እንዲፈልግ ያደርገዋል። የግድ ከሆነም፣ ክሊክ የሚያደርገው የቀስቱ ጫፍ እንጂ መሃሉ አለመሆኑን አትርሱ። በተኑ ላይ ማረፍ ያለበት ጫፉ ነው።

የሚታይበትን ቦታ መርሳት

በላፕቶፕ ያዘጋጀነውን አብዛኛው ሰው በቴሌግራም፣ በስልኩ ነው የሚያየው። ሂሳቡን እንሥራው። ስክሪናችሁ 1920 ፒክስል ስፋት አለው፤ የተለመደው ቀስት ቁመቱ 19 ፒክስል ያህል ነው። ሙሉው ሥዕል 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የስልክ ስክሪን ላይ ሲገባ ቀስቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰሊጥ እንኳን አያህልም! ጥቁሯ መስቀል ደግሞ ከዚያም ታንሳለች።

መፍትሔው መከርከም ነው። ከ1920ው ውስጥ ሴሎቹ ያሉበትን 480 ፒክስል ብቻ ብታስቀሩ ሁሉም ነገር አራት እጥፍ ያድጋል፤ ቀስቱ ወደ 2.8 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የሚላከውን ስለሚጨምቀው፣ ዝርዝሩ ደቃቅ ከሆነ በፋይል መልክ ላኩት።

ወረቀት ላይ ሌላ ችግር አለ። ብዙ ሰው ጠቋሚዋ ጎልታ እንድትታይ ቢጫ ክብ ያደርግባታል። ስክሪን ላይ ያምራል። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ላይ ግን ቢጫው ወይ ይጠፋል ወይ የቆሸሸ ግራጫ ይሆናል። ወፍራም ጥቁር ክብ ይሻላል። ስትፈትሹም ከፕሪንተር የወጣውን የመጀመሪያ ወረቀት አትመኑ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከፍላሹ አንዴ አትሞ ሌላውን ከዚያው ወረቀት ላይ ነው የሚያባዛው፤ ሲያልቅበት ደግሞ ከኮፒው ላይ ኮፒ ያደርጋል። ስለዚህ የኮፒውን ኮፒ አስወጡና መስቀሏና ካሬዋ ተለይተው መታየታቸውን በእሱ ላይ እዩ።